መርፌ ተወግቶ ለሚዝለፈለፍ ልጅ «ዘና በል» ማለት ለምን አይረዳም?

በትምህርት ቤት ክትባት በተሰጠ ቁጥር የሚደጋገም ነገር አለ። ተወግታ የተነሣች ተማሪ ጥጡን ክንዷ ላይ እንደያዘች ጥቂት ትራመድና ፊቷ አመድ መስሎ ተዝለፍልፋ ትወድቃለች። በስልክ የተቀረጸው ምስል ከልጅቷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል፤ ወሬውም ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «መድኃኒቱ አንድ ነገር አለበት» ይላል። ሌላው «ፈርታ ነው እንጂ ምንም አልሆነችም» ብሎ ያጣጥለዋል።

ሁለቱም ግምቶች ልጅቷን ይጎዷታል። የመጀመሪያው ቀሪውን ክትባት እንድትተው ያደርጋታል። ሁለተኛው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ምንም ዝግጅት ያንኑ ወንበር ላይ መልሶ ያስቀምጣታል፤ አንድ ጊዜ በመርፌ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ድጋሚ የመሳት ዕድሉ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። ሊከላከሉት የሚችሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ነው። ለዚያም በመጀመሪያ ከቆዳ በታች ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በቅን ልቦና የሚሰጡ አንዳንድ ምክሮች ነገሩን ያባብሱታል።

ልብ ፈጥኖ ሲመታ ቆይቶ ለምን ይዘገያል?

ሰው ሲፈራ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊቱም ከፍ ይላል። ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። መርፌ፣ ደም ወይም ቁስል ሲያዩ ግን አንዳንድ ሰዎች ላይ ሁለተኛ ምዕራፍ ይከተላል። ግፊቱ ጥቂት ከወጣ በኋላ በድንገት ይገለበጣል። ከአንጎል ተነሥቶ ወደ ልብና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ልብን ቀስ እንዲል ያዘዋል። በዚያው ቅጽበት የእግርና የሆድ ደም ሥሮችን አጥብቆ የያዘው ትእዛዝ ይላላል። ሥሮቹ ሲሰፉ ደሙ ወደ ታች ይወርድና እዚያው ይከማቻል፤ ቀስ ብሎ የሚመታው ልብም ሽቅብ ሊያደርሰው አይችልም። አንጎል ደግሞ በቂ ደም ካጣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ንቃቱን ያጣል።

ሕክምናው ለዚህ ያለው ስም «ቫዞቬጋል ሲንኮፒ» ነው። «ቫዞ» የደም ሥርን፣ «ቬጋል» ያንን ነርቭ ይመለከታል፤ «ሲንኮፒ» ማለት ደግሞ ለአጭር ጊዜ ራስን ስቶ በራስ መመለስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በክትባት ዙሪያ የሚታዩትን እንዲህ ያሉ ሁኔታዎች ከክትባት ጋር የተያያዘ የውጥረት ምላሽ በሚል ሰፋ ያለ ስያሜ ሥር ያስቀምጣቸዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ ምላሹ መርፌው ከያዘው ፈሳሽ ጋር ግንኙነት የለውም። ያው ልጅ ለምርመራ ደም ሲቀዳ፣ ማለትም ምንም ነገር ወደ ሰውነቱ ሳይገባ፣ እንደዚያው ሊዝለፈለፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ ይህ የወኔ ጉዳይ አይደለም። ነርቩ የሚሠራው ያለ ፈቃዳችን ነው፤ «ምንም አልፈራሁም ነበር» የሚል ልጅም ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።

በጉርምስና ዕድሜ ነገሩ ጎልቶ ይታያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ከክትባት በኋላ ራስን ስለመሳት ከቀረቡት ሪፖርቶች ከግማሽ በላይ የሆኑት ከ11 እስከ 18 ዓመት ያሉትን የሚመለከቱ ነበሩ።

አንድ መውደቅ በደቂቃ ሲተነተን

አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ እናስብ። ጠዋት ቁርስ አልበላችም። ሰልፍ ላይ 40 ደቂቃ ቆማለች፤ ከፊቷ ያሉት ሲወጉም አንድ በአንድ አይታለች። ተራዋ ሲደርስ ልቧ በደቂቃ 110 ጊዜ ይመታል። ወንበር ላይ ተቀምጣ ትወጋለች፤ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። «በርቺ፣ አለቀ» ትባልና ትነሣለች።

በሁለተኛው ደቂቃ ታዛጋለች። ሙቀት ይሰማታል፣ ሆዷ ይገለባበጣል፣ መዳፏን ላብ ያረጥበዋል። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ግን ማንም አላየውም፤ እሷም እንዳትሳቅባት ዝም ትላለች። በሦስተኛው ደቂቃ ጆሮዋ ይጮኻል፤ እይታዋ ከዳር ወደ መሐል ይጨልማል። የልብ ምቷ አሁን 45 ነው። ጉልበቷ ይከዳትና ስትወድቅ ግንባሯ የአግዳሚ ወንበሩን ጠርዝ ይመታል።

ጓደኞቿ ሮጠው ደግፈው ያስቀምጧታል። የዋህ ስሕተት ነው። ቀጥ አድርገው ባስቀመጧት መጠን ደሙ ወደ አንጎሏ እንዳይመለስ ይከለክላሉ። እጇ ሦስት አራት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ «የሚጥል በሽታ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንጎል ደም ሲያጥረው እንዲህ ለጥቂት ሴኮንዶች መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው። በሚጥል በሽታ የሚመጣው መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያልፋል፤ ሰውየው ምላሱን በጎን በኩል ሊነክስ ይችላል፤ ከነቃም በኋላ ለረጅም ጊዜ ግራ ተጋብቶ ይቆያል። ልጅቷ ግን በጀርባዋ እንዳስተኟት በ20 ሴኮንድ ውስጥ ትነቃለች፤ የት እንዳለችም ታውቃለች።

«ደኅና ነኝ» ብላ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ትቆማለች። እንደገና ትወድቃለች። ነርቩ ገና አልተረጋጋም፤ የደም ሥሮቿም መልሰው አልጠበቡም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አደገኛው ነገር ራስን መሳቱ አይደለም፤ አግዳሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከክትባት በኋላ ራሳቸውን የሳቱ ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎችን ሪፖርት መርምሮ ነበር። ስድስቱ በመውደቃቸው ምክንያት የራስ ቅል ስብራት ወይም የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸዋል። ሰዓታቸው ከታወቀው መካከል ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት ራሳቸውን የሳቱት በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። «15 ደቂቃ ሳትሄዱ ቆዩ» የሚለው የጤና ባለሙያዎች ትእዛዝ የመጣው ከዚህ ዓይነት ቁጥር ነው። ስለዚህ የ15 ደቂቃው ቆይታ የሚጠቅመው ተቀምጠው ወይም ተኝተው ከሆነ ብቻ ነው። በር ላይ ቆሞ ከጓደኛ ጋር ማውራት ከመውደቅ አያድንም።

የሚያስፈራው ሌላው ነገር፦ አናፊላክሲስ

አናፊላክሲስ መላ ሰውነትን የሚያጠቃ ብርቱ የአለርጂ ምላሽ ነው። በክትባት ምክንያት የሚከሰተው እጅግ በጥቂቱ ቢሆንም ገዳይ ሊሆን ስለሚችል ከተራ ራስን መሳት መለየት አለበት። እርሱም በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፣ እርሱም ያዞራል፤ ስለዚህ በማዞሩ ብቻ መለየት አይቻልም።

የሚለያቸው በመጀመሪያ የልብ ምት ነው። በቫዞቬጋል የእጅ አንጓ ላይ የሚዳሰሰው ምት ዝግተኛ ነው፤ በአናፊላክሲስ ፈጣንና ደካማ ነው። ቀጥሎ ቆዳ ይታያል። በአንዱ ገርጥቶ ቀዝቅዞ ላብ ያወጣል፤ በሌላው ብዙውን ጊዜ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ሽፍታ ይወጣበታል፣ ከንፈርና ዐይን ያብጣል። ሦስተኛው ትንፋሽ ነው። ማፏጨት፣ ሳል፣ የድምፅ መጎርነን ወይም ጉሮሮ የመዘጋት ስሜት የቫዞቬጋል ምልክት አይደለም። የመጨረሻው መለያ ማስተኛት ራሱ ነው፤ እግሩ ከፍ ብሎ በጀርባው የተኛ ልጅ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀለሙ ካልተመለሰ ሌላ ነገር መጠርጠር ይገባል።

የትንፋሽ ወይም የቆዳ ምልክት ካለ፣ ወይም መለየት ካቃተ፣ ባለሙያው ሳይዘገይ አድሬናሊን በጭን የውጭ ጡንቻ ይወጋል። መጠኑ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 0.5 ሚሊግራም ይሆናል፤ ከዚያም አይበልጥም። ተጠራጥሮ መስጠት ልብን ለጊዜው ከማስመታት የሚያልፍ ጉዳት የሚያደርሰው በጤነኛ ወጣት ላይ እምብዛም ነው። ዘግይቶ መስጠት ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር አለ፤ በድንጋጤ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ። ይህ ልጅ ጣቶቹንና የአፉን ዙሪያ ይነዝረዋል፣ ያዞረዋል፤ ልቡ ግን ፈጣን ነው፣ ብዙ ጊዜም ራሱን አይስትም። እርሱን የሚረዳው ትንፋሽን ማዘግየት፣ በተለይ ማውጣቱን ማስረዘም ነው። «በደንብ ሳብ አድርገህ ተንፍስ» የሚለው የተለመደ ምክር ያባብስበታል።

ለወደቀ ልጅ የሚደረገው

በጀርባው ማስተኛት፣ እግሩን ወንበር ላይ ወይም ቦርሳ ላይ ከፍ ማድረግ፣ የጠበቀ አንገትጌ ማላላት። ካስመለሰው ወደ ጎን ማዞር። እስኪነቃ ድረስ አፉ ውስጥ ውኃ አለማፍሰስ፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ፊቱን በጥፊ መምታትም ሆነ ሽታ ያለው ነገር ማሽተት ደምን ወደ አንጎል አይመልስም። ከነቃ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይተኛ፤ ከዚያ አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ከዚያ ይቁም። ሲወድቅ ጭንቅላቱን መትቶ ከሆነ ስለ መርፌው ማሰብ ትቶ ስለ ጭንቅላቱ ማሰብ ይገባል። ራስ ምታቱ እየጨመረ የሚሄድ፣ የሚያስመልሰው ወይም የሚያንቀላፋ ልጅ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

የሚቀጥለው መርፌ፦ መላላት ሳይሆን መወጠር

እዚህ ላይ ነው የተለመደው ምክር የሚሳሳተው። «ዘና በል፣ ሰውነትህን ልቀቀው» ማለት መርፌ ለሚፈራ ግን ራሱን ስቶ ለማያውቅ ልጅ ደኅና ምክር ነው። ራሱን ለሚስት ልጅ ግን ተቃራኒ ነው። የእርሱ ችግር የግፊት መውረድ ነው፤ ጡንቻን ማላላት ደግሞ ግፊትን ይበልጥ ያወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የስዊድኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ላርስ ዮራን ኧስት ደምና መርፌ ሲያዩ ለሚዝለፈለፉ ሰዎች የተለየ ዘዴ አዘጋጀ፦ ጡንቻን ሆን ብሎ መወጠር። አሠራሩ ግልጽ ነው። የእግር፣ የመቀመጫና የሆድ ጡንቻዎች ሲጠብቁ በውስጣቸው ያሉትን የደም ሥሮች ይጨምቃሉ፤ ወደ ታች ሊከማች የነበረው ደምም ወደ ልብ ይመለሳል። የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ አንጎልም ደሙን አያጣም።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ልጁ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ ባቱን፣ ጭኑን፣ መቀመጫውንና ሆዱን በአንድ ጊዜ ይወጥራል። የማይወጋበትን እጅም ይጨብጣል። ፊቱ ላይ ሙቀት እስኪሰማው ድረስ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ይይዘዋል፤ ሙቀቱ ደሙ ወደ ላይ መድረሱን ያሳያል። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይለቃል፤ ሲለቅ ግን ወደ መደበኛው ይመለስ እንጂ ፈጽሞ አይዛል። ይህን አምስት ጊዜ ይደጋግማል። ከመርፌው በፊት ባለው ሳምንት በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ቢለማመደው፣ በዕለቱ ማሰብ ሳያስፈልገው ይሠራዋል።

ዘዴው ሲበላሽ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ትንፋሽን መያዝ ነው። ትንፋሹን አፍኖ የሚያምጥ ልጅ በደረቱ ውስጥ ግፊት ይፈጥርና ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ራሱ ይዘጋል። እየወጠረ ቢያወራ ወይም ቢቆጥር ትንፋሹ አይታፈንም። ሁለተኛው የሚወጋውን ክንድ አብሮ መወጠር ነው፤ የጠነከረ ጡንቻ ላይ የገባ መርፌ ያማል። ክንዱ ልል፣ የቀረው አካል ውጥር መሆን አለበት። ሁለቱን መለየት ለጀማሪ ስለሚያስቸግር የቤት ልምምዱ በዋናነት ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

ከመወጠር ጋር እኩል የሚረዳው፣ ምናልባትም ከእርሱ የሚቀለው፣ ተኝቶ መወጋት ነው። የተኛ ሰው ደም ወደ እግሩ የሚወርድበት ቁልቁለት የለውም፤ ራሱን ቢስት እንኳ የሚወድቅበት ቦታ የለም። ከዚህ በፊት ራሱን ስቶ የሚያውቅ ልጅ ወይም ወላጁ ለነርሷ «ባለፈው መርፌ ራሱን ስቷል፤ ተኝቶ ይወጋ» ብሎ ገና ከመጀመሪያው መናገር አለበት። ምኝታ ከሌለ ወለሉ ላይ የተነጠፈ ነገር ይበቃል።

ስለ ውኃ የሚባለው ትንሽ ማስተካከያ ይፈልጋል። ደም ከመለገስ በፊት 500 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ መጠጣት የለጋሾችን ማዞር እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ውኃው ነርቮችን በመቀስቀስ የደም ሥሮችን ለጊዜው ያጠብባል። ከዚያ ተነሥቶ ለክትባትም መምከር ተለመደ። ነገር ግን በአሜሪካ ከ11 እስከ 21 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የንጽጽር ጥናት ከክትባት በፊት 500 ሚሊ ሊትር መጠጣት የማዞር ምልክቶችን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ደም የሚለግስ ሰው ደም ያጣል፤ የሚከተብ አያጣም፤ ልዩነቱ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ውኃ መጠጣት አይጎዳም፤ ቁርስ መብላትም ደግ ነው። «ጠጥቷል፣ በልቷል» ብሎ ቆሞ ማስወጋት ግን በደካማው ገመድ መንጠልጠል ነው።

ስለዚህ የዚያች የ15 ዓመት ተማሪ ሁለተኛ መርፌ ይህን ይመስላል። አንድ ሳምንት ትለማመዳለች። በዕለቱ ቁርሷን በልታ ትመጣለች፤ ሰልፉን ቆማ ሳይሆን ተቀምጣ፣ የሌሎች ክንድ በማይታይበት በኩል ትጠብቃለች። ነርሷ ነገሩን አውቃለች። ልጅቷ በጀርባዋ ተኝታ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች፤ ሁለት ዙር ትወጥራለች፤ በሦስተኛው ዙር መካከል ትወጋለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዙር ትጨምራለች፤ ብዙዎች መርፌው ሲወጣ ሁሉን ነገር ይለቃሉ፤ ግፊቱ የሚወርደው ግን ያኔ ነው። 15 ደቂቃ እንደተኛች ትቆያለች። ቀጥሎ እግሯን አንጠልጥላ አምስት ደቂቃ ትቀመጣለች። ሰው አጠገቧ ሆኖ ትቆማለች። በመንገድ ላይ ያ ማዛጋትና ሙቀት ተመልሶ ከመጣ እግሮቿን አጠላልፋ ጭኖቿን አጥብቃ ትጨምቃለች፤ ካልተሻላት እዚያው ትተኛለች፤ መተኛት ካልቻለች ቁጢጥ ትላለች።

አንዷ ስትወድቅ ሌሎቹ ለምን ይከተላሉ?

እ.ኤ.አ. በ1998 በዮርዳኖስ በትምህርት ቤቶች የቴታነስና የዲፍቴሪያ ክትባት ሲሰጥ ከ800 በላይ ወጣቶች ታመምን ብለው ነበር፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ሆስፒታል ገብተዋል። ምርመራው አብዛኞቹን ያሳመመው ክትባቱ እንዳልሆነ ደመደመ። ሕመማቸው የውሸት ነበር ማለት አይደለም። ጓደኛው ሲወድቅ ያየ፣ የአምቡላንስ ጩኸት የሰማ ልጅ ሰውነቱ በእውነት ያዞረዋል፣ በእውነት ያስመልሰዋል።

ከዚህ የሚነሣ እውነተኛ ክርክር አለ። ልጆችን «ራሳችሁን ልትስቱ ትችላላችሁ» ብሎ ማስጠንቀቅ ያልነበረውን ይጠራል የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ያልተነገረው ልጅ ማዞሩ ሲመጣ «ተመረዝኩ» ብሎ ይበልጥ ይደነግጣል ይላሉ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ሚዛን የሚደፋው የሚነገርበት መንገድ ይመስለናል። ለመላው ክፍል በድምፅ ማጉያ አደጋን መዘርዘር ይጎዳል። ለእያንዳንዱ «ከዚህ በፊት በመርፌ አዙሮህ ያውቃል?» ብሎ በለሆሳስ መጠየቅና አዎ ያለውን ወደ ምኝታው መውሰድ ግን አደጋውን ይቀንሳል፤ ማንንም አያስፈራም። መወጊያው በመጋረጃ ከተከለለና ማረፊያው ሰልፉ ከማያየው ቦታ ከሆነ፣ አንዷ ብትዝለፈለፍ እንኳ ነገሩ በእርሷ ይቆማል።

መርፌው ሰበብ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ

በመርፌ ራስን መሳት በራሱ ቀጣዩን ክትባት አይከለክልም፤ ብዙ ምርመራም አያስፈልገውም። ሐኪም ሊያየው የሚገባው፣ ያለ ማዛጋት፣ ያለ ላብ፣ ያለ መጨለም፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ድንገት የወደቀ ልጅ ነው። በሩጫ ወይም በጨዋታ መካከል፣ ወይም ተኝቶ ሳለ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ልጅም እንደዚያው። ከመውደቁ በፊት ደረቱን ያመመው ወይም ልቡ በኃይል የመታ፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለ ልጅ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚስል ምርመራ ያስፈልገዋል። የልብ ምት መዛባት አንዳንድ ጊዜ ቫዞቬጋል መስሎ ያልፋል፤ ይህ ምርመራ ሕመም የሌለው ሲሆን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።